ከወልወል እስከ ጄኔቫ፦ በሉዓላዊነት፣ በጥምረትና በዓለም አቀፍ ድርጅቶች ላይ ጥያቄ የማወጣበት መንገድ

በዩኒቨርሲቲ የዓለም አቀፍ ግንኙነት ትምህርት ሳስተምር ሉዓላዊነት፣ ጥምረትና የዓለም አቀፍ ድርጅቶች ሚና በየፈተናው የማይቀሩ ሦስት ርእሶች ናቸው። ለእያንዳንዳቸው የተለመደ ጥያቄ አለ። «ሉዓላዊነት ምንድን ነው? አንድ አገር መንግሥት ለመባል የሚያሟላቸውን መስፈርቶች ዘርዝሩ» ተብሎ ሲጠየቅ፣ ተማሪው እ.ኤ.አ. በ1933 በሞንቴቪዲዮ ስምምነት የተቀመጡትን አራት ነጥቦች፣ ማለትም ቋሚ ሕዝብን፣ የተወሰነ ግዛትን፣ መንግሥትንና ከሌሎች አገሮች ጋር ግንኙነት የመመሥረት ችሎታን ይጽፋል። የተረዳውም የሸመደደውም ተማሪ አንድ ዓይነት መልስ ስለሚጽፉ ፈተናው ሁለቱን ሊለይ አይችልም። ጥምረትና ዓለም አቀፍ ድርጅትም ለየብቻ ሲጠየቁ ውጤቱ ከዚህ አይለይም።

በዚህ ምክንያት ሦስቱንም ርእሶች በአንድ ታሪካዊ ጉዳይ ላይ አስሬ መጠየቅን ለመድኩ። ደጋግሜ የምጠቀምበት ጉዳይ እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 1934 እስከ ሐምሌ 1936 የዘለቀው የኢትዮጵያና የኢጣሊያ ግጭት ነው። ጊዜው አጭር ነው፤ የሚሠራበት ሕግ፣ ማለትም የመንግሥታቱ ማኅበር ቃል ኪዳን፣ ሃያ ስድስት አንቀጾች ብቻ ያሉት ሰነድ ነው፤ የታላላቆቹ መንግሥታት የጥምረት ስሌትም ከማኅበሩ ውሳኔ ጋር በቀንና በወር እየተያያዘ ይታያል። ጉዳዩ አንድ ችግር አለው፤ የራሳችን ነው። ተማሪው በልጅነቱ የሰማው ታሪክ ስለሆነ መልሱ ቶሎ ወደ አርበኝነት ንግግር ያዘነብላል። ንግግሩ ውስጥ ሐሰት የለም፤ የተጠየቀውን ግን አይመልስም። ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች የተቀረጹት በአብዛኛው ይህን በር ለመዝጋት ነው። ፈተናውን የምንሰጠው በእንግሊዝኛ ቢሆንም እዚህ በአማርኛ አቀርባቸዋለሁ። የናሙና መልሶቹን የጻፍኋቸው እኔ ራሴ ነኝ፤ የማንም ተማሪ ወረቀት ቅጂ አይደሉም፤ በእርማት ወቅት በብዛት የሚያጋጥመኝን አካሄድ ግን ይከተላሉ።

ከጥያቄዎቹ በፊት በፈተናው ወረቀት ላይ ግማሽ ገጽ ያህል የሚሆን የኩነቶች ዝርዝር አስቀምጣለሁ። ዝርዝሩ የሚጀምረው ኢትዮጵያ በመስከረም 1923 የማኅበሩ አባል በሆነችበት ቀን ሲሆን፣ በነሐሴ 1928 ከኢጣሊያ ጋር ለሃያ ዓመት የተፈረመውንና አለመግባባት ሲፈጠር በዕርቅና በግልግል እንዲፈታ የሚያዘውን የወዳጅነት ውል ይጨምራል። ቀጥሎ ታኅሣሥ 5 ቀን 1934 የተነሣው የወልወል ግጭት፣ ጥር 7 ቀን 1935 የፈረንሳዩ ላቫልና ሙሶሊኒ በሮም የተፈራረሙት ስምምነት፣ ሚያዝያ 14 እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣሊያ በስትሬዛ ያወጡት የጋራ መግለጫ፣ ሰኔ 18 የተፈረመው የእንግሊዝና የጀርመን የባሕር ኃይል ስምምነት ይመጣሉ። ከዚያ ጥቅምት 3 የኢጣሊያ ጦር ያለ ጦርነት አዋጅ ድንበር ተሻገረ፤ ከአራት ቀን በኋላ የማኅበሩ ምክር ቤት ኢጣሊያ ቃል ኪዳኑን ጥሳ ጦርነት መክፈቷን አረጋገጠ፤ ኅዳር 18 ማዕቀቡ ተጀመረ፤ በታኅሣሥ የሆርና የላቫል ዕቅድ ወጣ። የ1936ቱ ክፍል መጋቢት 7 ጀርመን ራይንላንድ የገባችበትን፣ ግንቦት 5 አዲስ አበባ የተያዘችበትን፣ ሰኔ 30 ንጉሠ ነገሥቱ በጄኔቫ የተናገሩበትንና በሐምሌ ማዕቀቡ የተነሣበትን ቀን ይይዛል።

ቀኖቹን በወረቀቱ ላይ የማሰፍረው የምፈትነው ትውስታን ስላልሆነ ነው። ሌላም ተግባራዊ ምክንያት አለ። ቀኖቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸው በግልጽ ካልተጻፈ «1928» የሚለው ዓመት ብዙ ተማሪ ያሳስታል፤ የወዳጅነት ውሉ የተፈረመው እ.ኤ.አ. በ1928 ሲሆን ወረራው የተጀመረው ደግሞ በእኛ አቆጣጠር መስከረም 22 ቀን 1928 ነው። ወረራውን ከውሉ ጋር በአንድ ዓመት ያደረገ ተማሪ ከዚያ በኋላ የሚገነባው ክርክር ሁሉ ይፈርሳል፤ ጥፋቱ ግን የፖለቲካ ግንዛቤ ማነስ አይደለም።

የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ሉዓላዊነት ነው። እንዲህ ይላል፦

«ኢትዮጵያ በ1923 የማኅበሩ አባል ስትሆን ባርነትን ለማጥፋትና የጦር መሣሪያ ንግድን ለመቆጣጠር ግዴታ ገብታ ነበር። በመስከረም 1935 ኢጣሊያ ለማኅበሩ ባቀረበችው ማስታወሻ ኢትዮጵያ እነዚህን ግዴታዎች አልፈጸመችም፣ ስለዚህም ከሌሎች አባላት ጋር እኩል ልትታይ አይገባም ብላ ተከራከረች። ለዚህ ጥያቄ ሲባል የኢጣሊያ ክስ ሙሉ በሙሉ እውነት ነው ብለው ይነሡ። ክሱ እውነት ቢሆን ኢጣሊያን በቃል ኪዳኑ አንቀጽ 10 ከገባችው ግዴታ ነፃ ያወጣታል? ከዚህ በታች የቀረቡትን አንቀጽ 10ንና አንቀጽ 16ን ጠቅሰው ያብራሩ።»

የጥያቄው አንኳር «እውነት ነው ብለው ይነሡ» የሚለው ሐረግ ነው። ይህ ሐረግ ከሌለ ተማሪው ጊዜውን ሁሉ የኢጣሊያን ክስ በማስተባበል ያጠፋዋል፤ በየትኛው ዓመት ባርነትን የሚከለክል ምን አዋጅ እንደወጣ ይዘረዝራል። የማስተባበያው መረጃ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ እኔ የምፈልገው ግን አንድ መንግሥት በውስጥ አስተዳደሩ ጉድለት ቢኖርበት እንኳ ሉዓላዊነቱ በሌላ መንግሥት ውሳኔ ሊሻር ይችል እንደሆነ ሲመዝን ማየት ነው።

ደካማው መልስ ብዙ ጊዜ ይህን ይመስላል፦ «ኢትዮጵያ ከሦስት ሺህ ዓመት በላይ ነፃነቷን ጠብቃ የኖረች ሉዓላዊት አገር ናት። ሉዓላዊነት ማለት የበላይ ሥልጣን ማለት ስለሆነ ማንም በውስጥ ጉዳይዋ ሊገባ አይችልም። ስለዚህ የኢጣሊያ ክስ ተቀባይነት የለውም።» መደምደሚያው ከጠንካራው መልስ መደምደሚያ ጋር አንድ ነው፤ መንገዱ ግን የለም። ከዚህም በላይ «ማንም ሊገባ አይችልም» የሚለው ዐረፍተ ነገር ጥያቄው ላይ ከተሰጠው ፍሬ ነገር ጋር ይጋጫል፤ ኢትዮጵያ በራሷ ፈቃድ በባርነት ጉዳይ ለማኅበሩ ግዴታ ገብታለችና። ይህን ግጭት ያላየ ተማሪ ወረቀቱን እንዳላነበበ እቆጥረዋለሁ።

ጠንካራው መልስ ይህን የመሰለ ነው፦ «አንቀጽ 10 አባላት የሁሉንም አባላት የግዛት አንድነትና የፖለቲካ ነፃነት ከውጭ ወረራ እንዲያከብሩና እንዲጠብቁ ያስገድዳል። ጥበቃው የተሰጠው ለአባላት ሁሉ ነው፤ ግዴታቸውን በሚገባ ለፈጸሙት ብቻ የሚል ገደብ የለበትም። ኢትዮጵያ የገባችውን ግዴታ አልፈጸመች እንበል። ግዴታው የተገባው ለማኅበሩ እንጂ ለኢጣሊያ ለብቻዋ አልነበረም፤ ስለዚህ ጥሰቱን የሚጠይቀው ማኅበሩ ነው። አንቀጽ 16 ለዚህ መንገድ አለው፤ ቃል ኪዳኑን የጣሰ አባል በምክር ቤቱ ድምፅ ከአባልነት ሊሰረዝ ይችላል። ኢጣሊያ በዚህ መንገድ መሄድ ትችል ነበር። ከዚህም ሌላ የ1928ቱ ውል አለመግባባትን በግልግል ለመፍታት የሚያስገድድ በመሆኑ ኢጣሊያ ራሷ ኢትዮጵያን ውል የመዋዋል ብቃት ያላት መንግሥት አድርጋ ተቀብላለች። ሆኖም የኢጣሊያ ክርክር ባዶ አይደለም፤ ማኅበሩ ኢትዮጵያን በቅድመ ሁኔታ መቀበሉ የአባላት እኩልነት ከመጀመሪያው ያልተሟላ እንደነበር ያሳያል። ይህ ግን የማኅበሩን ወጥነት የሚያጠያይቅ ክርክር እንጂ ወረራን የሚፈቅድ አይደለም።»

የመጨረሻዎቹን ሁለት ዐረፍተ ነገሮች ልብ ይሏል። ከተማሪው የምጠብቀው ተቃራኒውን ክርክር አቅም እስከሚሰጠው ድረስ ከፍ አድርጎ ከዚያ ወሰኑን እንዲያሳይ ነው። ከሃያ ነጥብ ውስጥ ስድስቱን ለማስረጃ አጠቃቀም፣ ስምንቱን ለክርክሩ ሰንሰለት፣ አራቱን ለተቃራኒው ክርክር አያያዝ፣ ሁለቱን ለአጻጻፍ ግልጽነት እሰጣለሁ። በዚህ ሚዛን ደካማው መልስ ከስድስት አያልፍም፤ ጠንካራው አሥራ ሰባት ወይም አሥራ ስምንት ያገኛል። ጠንካራው ሃያ የማያገኘው ኢጣሊያ «ኢትዮጵያ አባል ልትሆን አይገባም» ማለቷንና «ወታደር የመላክ መብት አለኝ» ማለቷን በደንብ ለይቶ ስላላስቀመጠ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ስለ ጥምረት ነው። በዚህ ርእስ ላይ ከሁሉ በላይ የሚደጋገመው ግራ መጋባት ጥምረትን ከጋራ ደኅንነት ሥርዓት ጋር መቀላቀል ነው። ጥምረት ከውጭ የሚጠበቅን፣ ብዙ ጊዜም በስም የሚታወቅን ጠላት ለመመከት የሚደረግ ስምምነት ሲሆን፣ የጋራ ደኅንነት ግን ከአባላቱ መካከል ማንም ቢያጠፋ ሁሉም በእሱ ላይ እንዲነሡ የሚጠይቅ ነው። ልዩነቱን ግለጹ ብሎ መጠየቅ ትርጉም ከማስጻፍ አያልፍም። ሁለቱ ሥርዓቶች በአንድ መንግሥት ላይ ተቃራኒ ጥያቄ የሚያነሡበትን ሁኔታ ማቅረብ ግን ልዩነቱን ያስወጣዋል፦

«እንግሊዝና ፈረንሳይ በኅዳር 1935 በኢጣሊያ ላይ ማዕቀብ ጣሉ። በታኅሣሥ የሁለቱ አገሮች የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮች፣ ሆርና ላቫል፣ ሰፊ የኢትዮጵያን ግዛት ለኢጣሊያ የሚሰጥ ዕቅድ አዘጋጁ። አንድ መንግሥት በአንድ ወር ልዩነት ሁለቱንም ሊያደርግ የቻለበትን ምክንያት ከኩነቶቹ ዝርዝር ቢያንስ ሦስቱን ተጠቅመው ያብራሩ። በመጨረሻም ከዚያው ዝርዝር ማብራሪያዎን የሚያዳክም አንድ ማስረጃ ጠቅሰው ይመልሱለት።»

እዚህ ላይ የማገኘው ደካማ መልስ «እንግሊዝና ፈረንሳይ ቅኝ ገዢዎች ስለነበሩ ለኢጣሊያ አደሉ» የሚል ነው። አነጋገሩ ከእውነት የራቀ አይደለም፤ ግን ምክንያቱ ዓመቱን ሙሉ የማይለወጥ በመሆኑ በኅዳር ማዕቀብ ለምን እንደጣሉ ሊያስረዳ አይችልም። የማይለወጥ ነገር ለውጥን አያብራራም፤ ይህን በማረሚያ መመሪያዬ ውስጥ በግልጽ ጽፌዋለሁ፤ ምክንያቱም አራሚው ራሱ ሐሳቡ ስለሚስማማው ብቻ ብዙ ነጥብ የመስጠት ፈተና ይገጥመዋል።

መካከለኛው መልስ ስትሬዛን ያነሣል፦ «ሦስቱ አገሮች በሚያዝያ በጀርመን ላይ ግንባር ፈጥረው ነበር። ኢጣሊያን ካስቀየሟት ወደ ሂትለር ትሄዳለች ብለው ፈሩ። ስለዚህ ማዕቀቡን አላሉ።» ይህ ግማሹ መልስ ነው። የታኅሣሥን ነገር ያስረዳል፤ የኅዳርን አያስረዳም።

ጠንካራው መልስ ሁለቱን ግፊቶች ጎን ለጎን ያቆማል፦ «ኢጣሊያ በጄኔቫ ቃል ኪዳን አፍራሽ፣ በስትሬዛ ደግሞ አጋር ነበረች። የጥር ወሩ የሮም ስምምነት ፈረንሳይ የኢጣሊያን ወዳጅነት ምን ያህል እንደምትፈልግ ያሳያል፤ ኢጣሊያ በ1934 ኦስትሪያን ከጀርመን ለመከላከል ጦሯን ወደ ብሬነር ያስጠጋች አገር ነበረችና። የስትሬዛው መግለጫ ሦስቱ መንግሥታት የአውሮፓን ሰላም አደጋ ላይ የሚጥል የውል ማፍረስን እንደሚቃወሙ ይናገራል፤ ስለ አፍሪካ ግን ዝም ይላል፤ ሙሶሊኒም ዝምታውን እንደ ፈቃድ ለመቁጠር ተመቸው። በሌላ በኩል ማኅበሩን መተው ለእንግሊዝ መንግሥት ቀላል አልነበረም፤ በሰኔ 1935 ውጤቱ በተገለጸው ሕዝባዊ የድምፅ አሰጣጥ ሚሊዮኖች ማኅበሩን ደግፈዋል፤ በኅዳርም ጠቅላላ ምርጫ ነበረ። ማዕቀቡ ለማኅበሩ ግዴታና ለመራጩ የተሰጠ መልስ ሲሆን የታኅሣሡ ዕቅድ ለአጋርነቱ የተሰጠ መልስ ነው። ዕቅዱ በፈረንሳይ ጋዜጦች ሲጋለጥ ሆር ሥልጣኑን መልቀቁ ሁለቱ ግፊቶች በአንድ ጊዜ ይሠሩ እንደነበር ያረጋግጣል። ማብራሪያዬን የሚያዳክመው የሰኔ 18ቱ የባሕር ኃይል ስምምነት ነው፤ እንግሊዝ የስትሬዛን ግንባር ይህን ያህል የምታከብር ከሆነ አጋሮቿን ሳታማክር ከጀርመን ጋር ለምን ተዋዋለች? መልሴ የጥምረቱ ስሌት ከእንግሊዝ ይልቅ ለፈረንሳይ ይበልጥ ይሠራል የሚል ነው፤ እንግሊዝን የገፋት ከኢጣሊያ ጋር በሜዲትራኒያን ለብቻዋ መጋጨትን መፍራቷ ይመስለኛል።»

ለዚህ መልስ አሥራ ዘጠኝ እሰጣለሁ። ያስደሰተኝ ተማሪው ማብራሪያውን ለማዳን ሲል ማስረጃውን አለማቃለሉ ነው፤ የማብራሪያውን ስፋት አጠበበ፤ ለፈረንሳይ ይሠራል፣ ለእንግሊዝ ግን በከፊል አለ። በተለምዶ «ደካማ ጎኑን ጥቀሱ» ሲባል ተማሪው ከራሱ ፈጥሮ ለመመለስ የሚመቸውን ተቃውሞ ይመርጣል። «ከዚያው ዝርዝር» የሚለው ትእዛዝ ይህን ይከለክላል፤ የሰኔው ስምምነትም ዝርዝሩ ውስጥ የገባው ሆን ተብሎ ነው።

ስለ ጥምረት የምርጫ ጥያቄ ማውጣትም ግድ ይሆናል፤ የመውጫ ፈተናው ምርጫ ስለሆነ ተማሪዎቹ ሊለማመዱት ይገባል። የምወደው ስለ ኔቶ አንቀጽ 5 የምጠይቀው ነው፦ «አንድ አባል አገር የትጥቅ ጥቃት ሲደርስበት አንቀጽ 5 ሌሎቹን አባላት ወደ ምን ያስገድዳቸዋል?» ሀ) ጦራቸውን ሳይዘገዩ ወደ ተጠቂው አገር መላክ፤ ለ) በምክር ቤቱ የድምፅ ብልጫ የሚወሰነውን መፈጸም፤ ሐ) እያንዳንዳቸው አስፈላጊ የመሰላቸውን እርምጃ መውሰድ፤ መ) የጸጥታው ምክር ቤት እስኪፈቅድ ድረስ መጠበቅ። ትክክለኛው «ሐ» ነው፤ ውሉ የጦር ኃይል መጠቀምን የሚጠቅሰው ከእርምጃዎቹ እንደ አንዱ ነው፤ ምርጫውን ለእያንዳንዱ መንግሥት ይተወዋል። ብዙዎች «ሀ»ን ይመርጣሉ፤ «ሀ» የጋዜጣ ግንዛቤ ስለሆነ ጥሩ አሳሳች ምርጫ ነው። «መ»ን የሚመርጡት የተባበሩት መንግሥታት ቻርተር አንቀጽ 51 ራስን መከላከልን ያለ ቅድመ ፈቃድ እንደሚፈቅድ ያላስተዋሉት ናቸው። ምርጫዎቹ በርዝመት ተቀራራቢ እንዲሆኑ እጠነቀቃለሁ። ትክክለኛውን መልስ ከሌሎቹ አስረዝሞ የጻፈ ፈታኝ መልሱን ሳያውቅ ሰጥቷል፤ ፈታኝ ትክክለኛው ላይ ዝርዝር ማብዛት ስለሚቀናው ይህ ስሕተት በየፈተናው ይታያል።

ሦስተኛው ጥያቄ ስለ ዓለም አቀፍ ድርጅቶች ሚና ሲሆን ከሁሉም ይበልጥ ለማውጣት የሚያስቸግረኝ እሱ ነው። «የመንግሥታቱ ማኅበር ለምን ከሸፈ?» ብሎ መጠየቅ አይቻልም፤ «የራሱ ጦር ስላልነበረው» የሚል መልስ ከሁሉም አቅጣጫ ይመጣል። የተባበሩት መንግሥታትም የራሱ ጦር የለውም፤ ስለዚህ ያ መልስ ሁለቱን ድርጅቶች አይለይም። ጥያቄውን በሁለት ጉዳዮች ንጽጽር ላይ አቁሜዋለሁ፦

«በ1935 ከማኅበሩ አባላት አብዛኞቹ ኢጣሊያ ቃል ኪዳኑን መጣሷን ተቀብለው ማዕቀብ ቢጥሉም ነዳጅ ዘይት ከዝርዝሩ ቀረ። በ1950 የጸጥታው ምክር ቤት ሶቪየት ኅብረት ስብሰባውን አቋርጣ በነበረችበት ጊዜ አባላት ለደቡብ ኮሪያ እርዳታ እንዲሰጡ ጠየቀ። ‹የድርጅቱ ሕግ ውጤቱን አይወስንም፤ የሚወስነው የኃያላኑ ፍላጎት ነው› የሚለውን አባባል በሁለቱ ጉዳዮች ይመዝኑ።»

ጠንካራው መልስ አባባሉን ሙሉ በሙሉ አይቀበልም፤ ሙሉ በሙሉም አይጥልም፦ «በ1935 አንቀጽ 16 በወረቀት ላይ ጠንካራ ነበር፤ ቃል ኪዳኑን ጥሶ ጦርነት የከፈተ አባል በሌሎቹ ሁሉ ላይ ጦርነት እንደከፈተ ይቆጠራል ይላል። በ1921 ግን ማኅበሩ ራሱ ባወጣው የትርጓሜ ውሳኔ ጥሰት መፈጸሙን የሚለየው እያንዳንዱ አባል እንዲሆን አድርጓል። ይህ ሕግ ነው፤ ግን ፍላጎትን በሕጉ ውስጥ ያስገባ ሕግ ነው። ነዳጅን በተመለከተ የማኅበሩ ባለሙያዎች በየካቲት 1936 ባቀረቡት ጥናት ሁሉም አባላት ቢያግዱና አሜሪካ ሽያጯን ከቀድሞ መጠኗ ባታሳልፍ እገዳው በሦስት ወር ተኩል ገደማ ውጤት እንደሚኖረው ገምተዋል። አሜሪካ አባል ስላልነበረች ማኅበሩ ሊያዛት አይችልም ነበር፤ ይህ የፍላጎት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የአባልነት ወሰንም ጉዳይ ነው። በ1950 የሶቪየት ተወካይ ቢገኝ ኖሮ ድምፅን በድምፅ የመሻር ሥልጣኑን ይጠቀም ስለነበር ውሳኔው ባልወጣም ነበር። የሕጉ ቅርጽ፣ ማለትም ማን ሊሽር ይችላል የሚለው፣ ያን ጊዜ ውጤቱን በቀጥታ ነክቷል። ጦሩን በኮሪያ ያሰለፈው ግን የአሜሪካ ፍላጎት ነው። ሕጉ ፍላጎት በየትኛው በር እንደሚገባ ይወስናል እላለሁ፤ ፍላጎትን ከምንም አይፈጥርም።»

ይህ መልስ ኢትዮጵያ የቃኘው ሻለቃን ወደ ኮሪያ መላኳን አልጠቀሰም፤ ነጥብም አልቀነስሁበትም። የሚጠቅሱት ተማሪዎች ግን ብዙ ናቸው፤ ጥቂቶቹ በእውነት ይጠቀሙበታል። «በ1936 የተተወች አገር በ1951 ወታደር የላከችው የጋራ ደኅንነት ለትናንሽ መንግሥታት ያለውን ጥቅም ስለምታውቅ ነው» ብሎ ያለፈ ተማሪ ጌጥ ጨመረ እንጂ ክርክር አልጨመረም። «ኢትዮጵያ ጦር የላከችው ድርጅቱ ስላስገደዳት አልነበረም፤ ውሳኔው ጥሪ ነበርና፤ ስለዚህ የትናንሾቹ አገሮች ፍላጎትም ከኃያላኑ ጋር መቆጠር አለበት» ብሎ የጻፈ ግን የተሰጠውን አባባል ካልጠበቅሁት ጎን ነካው። ለእንዲህ ያለው የማረሚያ መመሪያው ውስጥ ቦታ ባይኖርም ከተቃራኒው ክርክር አራት ነጥቦች ሙሉውን እሰጣለሁ።

በሦስተኛው ጥያቄ ላይ ደጋግሞ የሚመጣ አንድ ሐሳብ የስዊዝ ቦይ ነው፤ «እንግሊዝ ቦዩን ብትዘጋ ጦርነቱ ያበቃ ነበር» ይላሉ። የኢጣሊያ ጦርና ስንቅ ወደ ምጽዋ የሚያልፈው በዚያ ስለነበር ግምቱ ትክክለኛ ነው። ሆኖም የ1888ቱ የቁስጥንጥንያ ስምምነት ቦዩ በሰላምም በጦርነትም ጊዜ ለሁሉም መርከቦች ክፍት እንዲሆን ያዛል። ቦዩን መዝጋት አንዱን ሕግ ለማስከበር ሌላውን መጣስ ሊሆን ይችል ነበር፤ አንቀጽ 16 ከዚያ ስምምነት ይበልጣል ብሎ መከራከርም ይቻላል። ይህን ውጥረት ያነሣ ተማሪ በየትኛውም ወገን ቢቆም ነጥቡን ያገኛል፤ እንግሊዝ አልዘጋችውም ብሎ ብቻ የወቀሰ ግን ለማስረጃ አጠቃቀም ከሚሰጠው ስድስት ላይ ሁለት ወይም ሦስት ይዞ ይቀራል።

ጥያቄዎቹን ለተማሪ ከማቅረቤ በፊት የምሠራው ሥራ ሁለት ነው። መጀመሪያ መልሱን ራሴ በተመደበው ጊዜ በእጄ እጽፋለሁ። አንድ ሰዓት ለተሰጠው ጥያቄ እኔ አርባ ደቂቃ ከወሰደብኝ ጥያቄው ለተማሪ ረዝሟል ማለት ነው፤ አንድ ኩነት ወይም አንድ ንዑስ ጥያቄ እቀንሳለሁ። ቀጥሎ ደካማውን፣ መካከለኛውንና ጠንካራውን ናሙና ያለ ነጥብ ለአንድ የሥራ ባልደረባዬ ሰጥቼ በማረሚያ መመሪያው ብቻ እንዲያርማቸው እጠይቃለሁ። በአንዱ መልስ ላይ ከሃያው ከሦስት ነጥብ በላይ ከተለያየን የምንመለከተው መመሪያውን ነው። አብዛኛውን ጊዜ ልዩነቱ የሚመጣው ከመካከለኛው መልስ ነው፤ ትክክል ግን ግማሽ የሆነ ማብራሪያ ስንት ያገኛል የሚለው ካልተጻፈ አንዱ አራሚ ባለው፣ ሌላው በጎደለው ይመዝነዋል። ለሁለተኛው ጥያቄ «የኅዳርን ወይም የታኅሣሥን ውሳኔ ብቻ ያብራራ መልስ ለክርክር ሰንሰለት ከስምንቱ ከአራት አይበልጥም» የሚለው መስመር የተጨመረው በዚህ መንገድ ነው።

ከፈተናው በኋላም ወረቀቶቹ ስለ ጥያቄው ይናገራሉ። የመጀመሪያዎቹ ዐረፍተ ነገሮች ከወረቀት ወረቀት ተመሳሳይ ከሆኑ ጥያቄው ትርጉም እየጠየቀ ነው። በክፍል ውስጥ ጥሩ የሚከራከሩት ተማሪዎች ከሌሎቹ ያነሰ ካገኙ ብዙውን ጊዜ ጥያቄው ውስጥ ድርብ ትርጉም ያለው ትእዛዝ አለ፤ «ያብራሩ»ና «ይመዝኑ» በአንድ ዐረፍተ ነገር ሲገቡ ጠንቃቃው ተማሪ ሁለቱንም ለመሥራት ሲሞክር ጊዜ ያልቅበታል። ሦስተኛውን ጥያቄ ያወጣሁት በ«ይመዝኑ» ብቻ እንዲያልቅ አድርጌ ነው፤ ሁለቱን ጉዳዮች በየተራ ተርኮ ምንም ሳይመዝን የጨረሰ ተማሪ ትረካው ምንም ያህል ትክክል ቢሆን ለክርክር ሰንሰለት ከተመደበው ስምንት ነጥብ ከሁለት በላይ አይሰጠውም፤ ይህም በወረቀቱ ራስጌ ላይ አስቀድሞ ይጻፍለታል።